ወርቅ አምስት ዓመት የተመለሰበት ቀጠና

በጁላይ 2016 መጀመሪያ የአንድ አውንስ ወርቅ ዋጋ 1375 ዶላር ገደማ ደረሰ። እንግሊዞች ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ድምፅ ከሰጡ ገና ሁለት ሳምንታቸው ነበር፤ የደነገጠ ገንዘብ ሁሉ ወደ ወርቅ ይሸሽ ነበር። ዋጋው እዚያ ላይ ቆመና ተመለሰ፤ በዓመቱ መጨረሻ 1122 ድረስ ወረደ። በሴፕቴምበር 2017 እንደገና ወጣ፤ ከ1357 ተመለሰ። በጃንዋሪ 2018 ከ1366፣ በኤፕሪል ከ1365፣ በፌብሩዋሪ 2019 ደግሞ ከ1346 ተመለሰ። (እዚህ ያሉት ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ዋጋዎቹም ወደ ቅርቡ ዶላር የተጠጋጉ ናቸው።)

አምስት ጊዜ ወጥቶ አምስት ጊዜ ተመለሰ፤ አንዱም መመለሻ ግን ከሌላው ጋር እኩል አይደለም። ቻርት ላይ መስመር ማስመር የለመደ ሰው እዚህ ይቸገራል። መስመሩን በከፍተኛው ጫፍ፣ በ1375 ላይ ቢያደርገው፣ ዋጋው ለሦስት ዓመት ያህል ሳይነካው ይኖራል፤ ቀጣዮቹ አራት መመለሻዎች በ9፣ በ10፣ በ18 እና በ29 ዶላር ከመስመሩ በታች ያልፉታል። ዝቅ አድርጎ 1346 ላይ ቢያሰምረው ደግሞ ገበያው በ2016፣ በ2017 እና በ2018 ሁለት ጊዜ “ሰበረው” ብሎ ይደነግጣል። አራቱም ጊዜ ግን ዋጋው ትንሽ ካለፈ በኋላ ተመልሶ ወርዷል። ገበያው በዚያ አካባቢ ይመለስ እንደነበር ጥርጥር የለውም። ችግሩ ያለው ሰውየው አካባቢን በአንድ ነጥብ ሊለካ መሞከሩ ላይ ነው።

የገበያ ሰዎች ዋጋ እየወጣ ሄዶ ሻጭ በዝቶበት የሚመለስበትን ቦታ ሬዚስታንስ፣ እየወረደ ሄዶ ገዢ የሚያነሳውን ደግሞ ሰፖርት ይሉታል። በሁለቱም ቦታ ዋጋውን የሚያቆመው ሰዎች ያስቀመጡት ትእዛዝ ነው፤ ሰዎች ደግሞ አንድ ቁጥር ላይ አይስማሙም። በጁላይ 2016 ወርቅ በ1370 የገዛን ሰው እናስብ። ዋጋው 1122 ሲገባ በኪሳራ ተቀምጧል። ከዓመት በኋላ 1350 ሲደርስ “ገንዘቤ ከሞላ ጎደል ተመልሷል፣ ልውጣ” ብሎ የሚሸጥ አለ፤ “የገዛሁበትን 1370 ካላየሁ አልሸጥም” የሚልም አለ። በ1357 ተመልሶ ሲወርድ አይቶ የቆጨው ሌላው ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ቀደም ብሎ፣ 1352 ላይ የሽያጭ ትእዛዙን ያስቀምጣል። የሻጮቹ ምክንያት ተመሳሳይ ሲሆን ዋጋቸው ግን በሃያና በሠላሳ ዶላር ውስጥ ተበትኗል።

“የወርቅ ዋጋ” የሚባለውም ቢሆን አንድ ቁጥር አይደለም። ወዲያው ተከፍሎ የሚረከቡት ወርቅና ኒውዮርክ ውስጥ በወደፊት ውል የሚሸጠው ወርቅ በዶላሮች ይለያያሉ። የመሸጫና የመግዣ ዋጋም በመካከላቸው ክፍተት አላቸው። ሁለት ሰዎች በሁለት ስልክ ያንኑ ቀን ቢያዩ የቀኑ ከፍተኛ ዋጋ ትንሽ ተለያይቶ ሊታያቸው ይችላል። እንዲህ ባለ ነገር ላይ በሳንቲም ደረጃ የተሰመረ መስመር ከመረጃው በላይ እርግጠኛ ሆኖ ይታያል።

ነገሩ በጥናትም ተፈትሿል። ካሮል ኦስለር የተባሉት ኢኮኖሚስት በኒውዮርክ ፌደራል ሪዘርቭ ባንክ ሳሉ በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ ስድስት ድርጅቶች ለደንበኞቻቸው ይልኳቸው የነበሩትን የሰፖርትና የሬዚስታንስ ዋጋዎች ከጃንዋሪ 1996 እስከ ማርች 1998 ድረስ መረመሩ። ገበያዎቹ ዶላር ከጀርመን ማርክ፣ ከጃፓን የንና ከእንግሊዝ ፓውንድ ጋር የሚመነዘርባቸው ነበሩ። ዋጋው በእነዚህ ቦታዎች ላይ የመመለሱ ዕድል በዘፈቀደ ከተመረጡ ቦታዎች ይበልጥ ነበር፤ የትንበያው ጥራት ግን ከድርጅት ድርጅት፣ ከገንዘብ ገንዘብ ይለያያል። በ2003 ያሳተሙት ሌላ ጥናታቸው ደግሞ ምክንያቱን ቀረብ ብሎ ያሳያል። ትርፍ ይዞ ለመውጣት የሚቀመጡ ትእዛዞች በዜሮ በሚያልቁ ድፍን ቁጥሮች ላይ ይከማቻሉ፤ ኪሳራን ለመቁረጥ የሚቀመጡት የስቶፕ ሎስ ትእዛዞች ደግሞ ከድፍኑ ቁጥር ጥቂት አልፈው ይደረደራሉ። እንግዲህ ትእዛዞቹ ራሳቸው በአንድ ነጥብ ላይ አይገኙም።

ስለዚህ ልምድ ያላቸው ነጋዴዎች ከመስመር ይልቅ ቀጠና ይሠራሉ፤ ቻርቱ ላይ ላይና ታች ድንበር ያለው ጠፍጣፋ ሣጥን ያሰምራሉ። ሥራው የሚጀምረው ጉብታዎችንና ስርጉዶችን ከመልቀም ነው። ጉብታ ማለት በስተግራውም በስተቀኙም ከእሱ ዝቅ ያሉ ካንድሎች የቆሙበት ከፍተኛ ዋጋ ሲሆን የእንግሊዝኛ ተጠቃሚዎቹ ስዊንግ ሃይ ይሉታል። ስርጉድ የዚህ ግልባጭ ነው፤ ስዊንግ ሎው። ከጎንና ከጎን ስንት ካንድል ይቁጠር የሚለውን እያንዳንዱ ሰው ይመርጣል። ሁለት ብቻ የሚቆጥር ቻርቱን በጉብታ ይሞላዋል፤ አሥር የሚቆጥር ትላልቆቹን ብቻ ያገኛል። አንድ ነገር ግን ሁሉንም ይመለከታል፦ ጉብታ ጉብታ መሆኑ የሚታወቀው በስተቀኙ ያሉት ካንድሎች ከተዘጉ በኋላ ነው። በሳምንታዊ ቻርት አምስት ካንድል የሚቆጥር ሰው ጫፉን የሚያረጋግጠው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው።

ወደ ወርቁ እንመለስ። ከ2014 መጀመሪያ እስከ 2019 መጀመሪያ፣ ከ1300 በላይ ካሉት ትላልቅ ጉብታዎች ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው። በማርች 2014፣ ክራይሚያ ላይ ውጥረት በነበረበት ሰሞን፣ 1392፤ በጁላይ 2014፣ 1345፤ በጃንዋሪ 2015፣ 1307፤ በጁላይ 2016፣ 1375፤ በኖቬምበር 2016፣ 1337፤ ከዚያ ቀደም ብለን ያየናቸው 1357፣ 1366፣ 1365 እና 1346። እነዚህን በጊዜ ቅደም ተከተል ማየት ብዙ አይረዳም። ከታች ወደ ላይ በዋጋ ሲደረደሩ ግን ነገሩ ይገለጣል፦ 1307፣ 1337፣ 1345፣ 1346፣ 1357፣ 1365፣ 1366፣ 1375፣ 1392።

ከአንዱ ወደ ቀጣዩ ያለው ርቀት 30፣ 8፣ 1፣ 11፣ 8፣ 1፣ 9 እና 17 ዶላር ነው። አሁን አንድ ደንብ ያስፈልጋል፦ ምን ያህል የተቀራረቡ ጉብታዎች አንድ ክምችት ይባሉ? እዚህ የዋጋውን አንድ በመቶ እንውሰድ፤ 1360 አካባቢ 14 ዶላር የማይሞላ ማለት ነው። አንዳንዶች በመቶኛ ፈንታ ዌልስ ዋይልደር በ1978 ያስተዋወቁትን አማካይ የዋጋ መዋዠቅ ይጠቀማሉ፤ ገበያው ሲናወጥ ልኩ አብሮ ስለሚሰፋ ጥሩ ምርጫ ነው። በአንድ በመቶው ደንብ 1307 በታች፣ 1392 በላይ ብቻቸውን ይቀራሉ። የቀሩት ሰባቱ ተያይዘው አንድ ቀጠና ይሆናሉ።

ከሰባቱ አንዱ ግን ቆም ብሎ መታየት አለበት። 1337 የተመዘገበው በኖቬምበር 9፣ 2016 የአሜሪካ ምርጫ ውጤት ሲቆጠር ባደረበት ሌሊት ነው። ዶናልድ ትራምፕ ሊያሸንፉ መሆኑ ሲታወቅ ወርቅ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ወደ አምስት በመቶ ዘለለ፤ በዚያው ቀን ደግሞ ያንን ሁሉ መልሶ 1280 አካባቢ ዋለ። ቻርቱ ላይ ይህ ረጅም ጭራ ያለው ካንድል ሆኖ ይታያል፤ ጭራው ዋጋው ለአፍታ የደረሰበትን፣ ወፍራሙ አካል ደግሞ የከፈተበትንና የዘጋበትን ያሳያል። ድንጋጤ የፈጠረው ጫፍ ነበር። ጨርሶ መጣል ትክክል ባይሆንም የቀጠናው ድንበር እንዲሆን መፍቀድ ደግሞ ሣጥኑን ያለ ምክንያት ያሰፋዋል። ስለዚህ ይህን ጉብታ ምልክት አድርጎ ከሣጥኑ ውጭ መተው ይሻላል። የሚቀሩት ስድስት ናቸው፤ ቀጠናው ከ1345 እስከ 1375 ይሆናል። ስፋቱ 30 ዶላር፣ ከዋጋው ሁለት በመቶ ትንሽ ቢበልጥ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አለ። ሣጥኑ የተሠራው ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ ነው፤ ታዲያ ያለፈን በሣጥን መክበብ ምን ያስደንቃል? ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱ የሚገኘው ቀጠናው መቼ መታወቅ ይችል እንደነበር በመፈተሽ ነው። እስከ 2017 መጨረሻ በ1357 እና በ1375 መካከል የ18 ዶላር ክፍተት ነበር፤ በደንባችን መሠረት አይገናኙም። በጃንዋሪ 2018 የተፈጠረው 1366 ክፍተቱን ለሁለት ዘጠኝ ዘጠኝ ዶላር ከፈለው፤ ያ ጉብታ ከተረጋገጠ በኋላ ከ1345 እስከ 1375 ያለው ቀጠና ሙሉ ሆነ። እውነተኛው ፈተና ከዚያ በኋላ የመጡት ሁለት ጉብኝቶች ናቸው። በኤፕሪል 2018 ዋጋው 1365 ደረሰ፤ ከቀጠናው ውስጥ ተመለሰና በኦገስት 1160 ድረስ ወረደ። በፌብሩዋሪ 2019 የታችኛውን ድንበር በአንድ ዶላር ብቻ አልፎ ተመለሰ። ሣጥኑ አስቀድሞ ተሠርቶ ሁለት ጊዜ ሠርቷል ማለት ይቻላል። ቁጥሩ ሁለት መሆኑንም አለመርሳት ነው።

ይህ ልዩነት ገንዘብ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ በአንድ ምሳሌ እንይ። በጃንዋሪ 2018 አንድ ነጋዴ የሴፕቴምበሩን ጫፍ 1357ን እንደ መስመር ይዟል እንበል። ዋጋው እዚያ ሲደርስ ይወርዳል ብሎ ሸጠ፤ ከተሳሳተ እንዲያወጣው ስቶፕ ሎሱን አምስት ዶላር ከፍ አድርጎ 1362 ላይ አስቀመጠ። ሊያጣ የፈቀደው 300 ዶላር ስለሆነ 60 አውንስ ሸጠ። ዋጋው 1366 ደረሰ፤ ነጋዴው 300 ዶላሩን አጥቶ ወጣ። ከዚያ ወርቅ ወደ 1307 ወረደ። አቅጣጫውን አውቆት ነበር፤ ያጠፋው መስመሩ ነው።

ከሦስት ወር በኋላ፣ ቀጠናው ሲታወቅ፣ ሌላ ነጋዴ በኤፕሪል 1350 ላይ ሸጦ ስቶፕ ሎሱን ከላይኛው ድንበር ውጭ 1380 ላይ አደረገ እንበል። በአንድ አውንስ የሚያጣው 30 ዶላር ነው፤ ያው 300 ዶላር የሚፈቅድለት አሥር አውንስ ብቻ ነው። ዋጋው 1365 ደርሶ ሲያስጨንቀው ስቶፕ ሎሱ አልተነካም። ቀጠና የሚጠይቀው ዋጋ ይኸው ነው። ስቶፑ ይርቃል፣ መጠኑ ያንሳል። ቀጠና እየሣሉ መጠንን እንደ መስመሩ ዘመን መተው ከሁለቱም የባሰ ኪሳራ ያመጣል፤ ብዙ ጀማሪዎች የሚወድቁትም እዚህ ነው።

ቀጠና ሲሰበርስ በምን ይታወቃል? በጁን 14፣ 2019 ወርቅ 1358 ደረሰ፤ ቀጠናው መሃል ማለት ነው። በዚያው ቀን ወደ 1341 ተመልሶ ዋለ። መግባት መስበር አይደለም። በቀጣዩ ሳምንት የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ወለድ ሊቀንስ እንደሚችል ጠቆመ፤ በማግስቱ ጁን 20 ዋጋው ሣጥኑን በአንድ ትንፋሽ አልፎ 1390ዎቹ ውስጥ ገባ፤ የዓርቡ መዝጊያም 1400 አካባቢ ሆነ። ቀጠናው ከሳምንታዊ ቻርት የተወሰደ ስለሆነ ፍርዱንም የሚሰጠው ሳምንታዊ መዝጊያ ነው፤ የአንድ ሰዓት ካንድል ድንበር አለፈ ብሎ መቸኮል ልኬቱን ያደባልቃል። ብቻውን የቀረው የማርች 2014 ጫፍ 1392ም በዚያው ሳምንት ታለፈ። ዋጋው በጁን 25 ወደ 1439 ደርሶ፣ በጁላይ መጀመሪያ ወደ 1380ዎቹ መጀመሪያ ተመልሶ ወረደ፤ የቀድሞውን ጣሪያ ሳይገባበት ከላዩ ተነሣ። ያንን ማስነሻ ለመግዛት በትክክል 1375ን የጠበቀ ሰው እጁ ባዶ ቀርቷል።

ከመሰበሩ በፊት ምልክት ነበር ወይ? ከ2016ቱ ጫፍ በኋላ ወርቅ 253 ዶላር ወርዷል፤ ከ2017ቱ በኋላ 121፤ ከኤፕሪል 2018ቱ በኋላ 205፤ ከፌብሩዋሪ 2019ኙ በኋላ ግን 80 ገደማ ብቻ። ቁጥሮቹ በቀጥታ እየቀነሱ የሄዱ አይደሉም፤ የመጨረሻው መመለስ ግን ከእነዚህ አራቱ መካከል የደከመው ነው። ብዙ መጻሕፍት ቀጠና በተነካ ቁጥር ይጠነክራል ይላሉ። በዚህ ቻርት ላይ የሚታየው ተቃራኒው ይመስላል። በየጉብኝቱ የሚጠብቁት ሻጮች ሸጠው ይጨርሳሉ፤ በአምስተኛውና በስድስተኛው ላይ የቀረው ጥቂት ነው። የመነካቱ ብዛት ቀጠናው መኖሩን ይነግረናል፤ ጉልበቱን የሚነግረን ግን ከተነካ በኋላ ዋጋው የሚርቀው ርቀት ነው።

ሰፖርት በዚሁ መንገድ ከስርጉዶች ይሠራል፤ ወርቅ ራሱ የታወቀ ምሳሌ አለው። ዋጋው በ2011 ከ1900 በላይ ከወጣ በኋላ ሲወድቅ፣ በሴፕቴምበር 2011 ከ1532፣ በዲሴምበር ከ1522፣ በሜይ 2012 ከ1527 አካባቢ ተነሥቷል። ሦስቱ በአሥር ዶላር ውስጥ ተከማችተዋል። በኤፕሪል 12፣ 2013 ዓርብ ዕለት ይህ ወለል ተሰበረና ዋጋው ከ1500 በታች ዋለ፤ ሰኞ ደግሞ በአንድ ቀን ዘጠኝ በመቶ ያህል ወደቀ። ጠባብ ቀጠና ብዙ ሰው በአንድ ቦታ መቆሙን ያሳያል፤ ስቶፕ ሎሶቹም ከበታቹ ተጠጋግተው የተቀመጡ ናቸው። አንዱ ሲነካ የሽያጭ ትእዛዝ ይሆናል፣ እሱ ዋጋውን ገፍቶ ቀጣዩን ያስነካል።

ዘዴው የሚበላሽባቸው መንገዶች ጥቂትና የታወቁ ናቸው። አንዱ ሰንሰለቱ ነው፤ እያንዳንዱ ጉብታ ከጎረቤቱ ጋር ብቻ ስለሚለካ፣ ሃያ ጉብታ ባለበት ቻርት ላይ አንዱ ሌላውን እየጎተተ መቶ ዶላር ስፋት ያለው ሣጥን ሊፈጥር ይችላል። ለዚህ አስቀድሞ ጣሪያ ማበጀት ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ ከዋጋው ሦስት በመቶ የሚበልጥ ቀጠና ለሁለት ይከፈል ወይም ይጣል ማለት። ሌላው ብዛት ነው። ትናንሽ ጉብታዎችን ሁሉ የለቀመ ሰው ስክሪኑ በሣጥን ይሞላል፤ ዋጋው የትም ቢመለስ አንዱ ሣጥን ውስጥ ይገኛል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ሣጥኖቹ የቻርቱን ቁመት ግማሽ ከሸፈኑ ምንም አልተለየም። ሦስተኛውና ከባዱ ድንበርን ማንቀሳቀስ ነው፤ ዋጋው 1378 ሲደርስ ሣጥኑን ወደ 1380 መለጠጥ። የተሳለበትን ቀን ሣጥኑ ላይ መጻፍ ይህን ልማድ በፍጥነት ያጋልጣል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ በቂ ታሪክና በቂ ግብይት መኖር አለበት። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጃንዋሪ 2025 ሥራ የጀመረ ወጣት ገበያ ነው። ወርቅ ስድስት ጉብታውን ለማከማቸት አምስት ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል። ጥቂት ጊዜ ብቻ በተገበያየ አክሲዮን ላይ የሚታይ ሁለት ጫፍ የአንድ ትልቅ ሻጭ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ክምችት ለመባል አይበቃም።

የ2011 እና የ2012ቱ ስርጉዶችም ታሪካቸው በ2013 አላበቃም። ወርቅ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ2019፣ ከታች ወጥቶ ያንኑ ከ1522 እስከ 1532 ያለ ሣጥን አገኘው፤ በሴፕቴምበር መጀመሪያ በ25 ዶላር ያህል አልፎት 1557 ደረሰ። በኖቬምበር ግን 1445 አካባቢ ነበር። ቻርቱን ወደ ግራ ገፍቶ የድሮውን ወለል ምልክት ያላጠፋ ሰው ዋጋው ለምን እዚያ አካባቢ እንደተንገታገተ ያውቃል፤ ስቶፕ ሎሱን በ1533 ላይ ካስቀመጠ ግን በ1557 ጊዜ ከገበያው ወጥቷል።